የሳይንስ አውደ ርዕይ ፖስተር ፎቶን ለአያት በደብዳቤ እንዴት እናስረዳ?

«የልጄን ፎቶ ለአያቷ ልልክ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለውን ነገር ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» የትምህርት ቤት የሳይንስ አውደ ርዕይ ባለፈ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። ሳይንስ ስለማስተምር ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ያሳዩኛል። የጻፉትንም ያሳዩኛል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር ነው፦ «እማማ፣ ልጅቷ በሳይንስ ጎብዛለች። ፎቶዋን ይዩልኝ።»

አያት ፎቶውን ሲያዩት የሚያገኙት የልጅ ልጃቸውን ፊት፣ አንድ ትልቅ ሰሌዳ፣ የማይነበብ ጽሑፍና ቀለም የተቀቡ ሁለት ምሰሶዎች ነው። ልጅቷ ምን እንደሠራች ግን አያውቁም። ከዚያ የባሰም አለ። ግራፉን አይተው የተገላቢጦሹን ሊረዱ ይችላሉ። ይህን ለማስቀረት ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ተከተሉ። ምሳሌ የማደርገው በየዓመቱ ከማያቸው ሙከራዎች አንዱን ነው፦ ብርሃን ያገኘና ብርሃን ያላገኘ ቦሎቄ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ፎቶ፦ አንዱ ልጅቷ ከፖስተሩ ጋር፣ ሌላው ፖስተሩ ብቻውን
- ልጅቷ ራሷ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል
- ሙከራውን ስትሠራ የጻፈችበት ደብተር
- ትንንሽ ተለጣፊ ወረቀቶችና ለስላሳ እርሳስ
- የደብዳቤ ወረቀት፣ ደመቅ ብሎ የሚጽፍ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ
- ፖስታና ፎቶው እንዳይታጠፍ የሚደግፍ ስስ ካርቶን

1. ፖስተሩን ለብቻው ፎቶ አንሱት

ልጅቷ ፊት ለፊት ከቆመች አብዛኛውን ጊዜ የምትሸፍነው መሃሉን ነው። ግራፉ የሚለጠፈው ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶ ለፊቷ፣ አንድ ፎቶ ለሥራዋ ይሁን።

ሁለተኛውን ስታነሱ ከፖስተሩ መሃል ትይዩ ቁሙ። ፍላሹን አጥፉት። ፖስተሩ ላይ የተለጠፈ አብረቅራቂ ወረቀት ካለ የፍላሹ ብርሃን ነጭ ጉድጓድ ሠርቶ ጽሑፉን ይበላዋል።

ፎቶው ሲታተም ምን ያህል እንደሚያንስ አስቡ። 120 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 15 በ10 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ላይ ሲገባ ወደ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ያንሳል። ቁመቱ 2 ሳንቲ ሜትር የነበረ የርዕስ ፊደል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በመነጽር ይነበባል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር የነበረው ተራ ጽሑፍ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። እሱን ማንም አያነበውም። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በፎቶው ላይ የጠፋውን ጽሑፍ የሚተካው እሱ ነው።

2. ልጅቷን ሦስት ነገር ጠይቋት

ፖስተሩን አንብቤ እጽፋለሁ አትበሉ። ልጆች ፖስተር ላይ የሚጽፉት መምህሩ በሰጣቸው አርዕስት ሥር ነው፦ ጥያቄ፣ መላምት፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ድምዳሜ። የሙከራው ታሪክ በእነዚህ ሣጥኖች መሃል ይወድቃል። ስለዚህ ጠይቋት፦

ምን ለማወቅ ፈለግሽ? በእጅሽ ምን ምን አደረግሽ? ያልጠበቅሽው ምን ገጠመሽ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። በምሳሌያችን ልጅቷ የመለሰችው «ጨለማ ውስጥ ያሉት አይበቅሉም ብዬ ነበር፤ ጭራሽ በለጡ» ብላ ነው። የደብዳቤው እምብርት ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

እግረ መንገዳችሁን ደብተሯን ተመልከቱ። እንዲህ የሚል ሰንጠረዥ አለ እንበል። በ10ኛው ቀን ብርሃን ያገኙት አምስት ቡቃያዎች ቁመት 9፣ 11፣ 10፣ 12 እና 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ጨለማ ውስጥ የነበሩት ደግሞ 20፣ 22፣ 19፣ 23 እና በመጨረሻው ቦታ ሰረዝ። ሰረዙ ምንድን ነው? አንዱ ዘር ጭራሽ አልበቀለም ማለት ነው።

አሁን ግራፉ ላይ ያለውን ቁጥር አረጋግጡ። የመጀመሪያው ምድብ ድምር 50 ነው፤ ለ5 ሲካፈል 10። የሁለተኛው ድምር 84 ነው። ልጅቷ ለ4 ስላካፈለችው 21 ሆኗል። ለ5 አካፍላ ቢሆን 16.8 ይመጣ ነበር። የበቀሉትን ቁመት ለማወዳደር ለ4 ማካፈሏ ልክ ነው፤ ያልበቀለ ዘር የሚለካ ቁመት የለውም። ግን ይህን ደብዳቤው ላይ መናገር ያስፈልጋል። አያት በፎቶው ላይ አምስት ኩባያ ቆጥረው «አንዷ ባዶ ናት፤ ምን ሆነች?» ማለታቸው አይቀርም።

3. ፎቶው ላይ ሦስት ቁጥር ለጥፉ

«በስተቀኝ ካለው ሥዕል ከፍ ብሎ ከሰማያዊው ሣጥን አጠገብ» እያሉ መጻፍ ሁለቱንም ወገን ያደክማል። ትንንሽ ተለጣፊ ወረቀት ቁረጡና 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉበት። በፎቶው ላይ ከሚመለከተው ቦታ ጎን ለጥፉት።

ከሦስት አትብለጡ። ለምሳሌያችን የሚበቁት እነዚህ ናቸው፦ ቁጥር 1 «የገመትኩት» የሚለው ሣጥን፣ ቁጥር 2 ኩባያዎቹ የሚታዩበት ሥዕል፣ ቁጥር 3 ግራፉ። የአሠራሩ ዝርዝርና የምስጋናው ሣጥን ቁጥር አያስፈልጋቸውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩን በቀጥታ ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉት። አብረቅራቂ ወረቀት ቀለሙን አይዝም፤ በጣት ሲነካ ይዝረከረካል። ከጀርባው መጻፍ ካስፈለጋችሁም ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ አትጫኑት። እስክሪብቶ ተጭኖ ሲጻፍበት መስመሩ በፊት በኩል ጎድጉዶ ይታያል። ይህ የደረሰብኝ የማይደገም ፎቶ ላይ ስለነበር አሁንም ይቆጨኛል።

4. ከሰው ጀምሩ፣ ከዚያ ጥያቄውን ተናገሩ

መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ በፎቶው ላይ ማን እንዳለ፣ ከዚያ ሰሌዳው ምን እንደሆነ። «የሳይንስ አውደ ርዕይ» ብላችሁ አትለፉት፤ ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉበት በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። አያት ይህን ካላወቁ ሰሌዳውን ለጌጥ የተሰቀለ ነገር ሊያደርጉት ይችላሉ።

አጠራሩ በአፋችሁ እንደምትጠሯቸው ይሁን። «አንቺ» የምትሏቸውን አያት በደብዳቤ «እርስዎ» ብትሏቸው «ምን ቀያየማችሁኝ?» ይላሉ። ዋናው ነገር መሃል ላይ አለመቀያየር ነው።

5. ሙከራውን በተሠራበት ቅደም ተከተል ተርኩት

ፖስተር በሣጥን የተከፋፈለ ነው፤ ደብዳቤ ግን የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው። ስለዚህ ዘሩ ከተቀበረበት ቀን ጀምራችሁ እስከተለካበት ቀን ሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ሁለቱ ምድቦች በምን እንደሚመሳሰሉ ተናገሩ። ዘሩ አንድ ዓይነት፣ አፈሩ አንድ ዓይነት፣ ውሃው እኩል። የሚለያዩት በብርሃን ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነው። ይህ ካልተነገረ አያት «ምናልባት ያኛው ውሃ ስለበዛበት ይሆናል» ይላሉ፤ ቢሉም ትክክል ናቸው። ዘርና አፈር የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

6. ግራፉ ላይ ቆዩ

ብዙ ሰው ግራፉን «ውጤቱ ግራፉ ላይ ይታያል» ብሎ ያልፈዋል። አያት ግን ግራፍ አንብበው ላያውቁ ይችላሉ። በሦስት ነገር አስረዷቸው፦ እያንዳንዱ ምሰሶ ማንን ይወክላል፣ የምሰሶው ቁመት ምን ይለካል፣ በግራ በኩል ያሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው።

«አማካይ» የሚለውን ቃል ፍቱት። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «የሁሉንም ቁመት ደምረን እኩል ብናካፍላቸው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው።»

ከመጻፋችሁ በፊት የግራፉ ቁጥር ከስንት እንደሚጀምር እዩ። ከ0 ከጀመረ 21ን የሚያሳየው ምሰሶ 10ን ከሚያሳየው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ እውነቱም ያ ነው። ልጅቷ ቦታ ለመቆጠብ ከ8 ጀምራው ከሆነ ግን አንደኛው ምሰሶ 2 ብቻ፣ ሌላው 13 ከፍታ ይኖረዋል። በዓይን ሲታይ ከስድስት እጥፍ በላይ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ አያት በምሰሶው እንዳይፈርዱ ቁጥሩን ራሱን ጻፉላቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ እንምጣ። ረጅሙ ምሰሶ የጨለማው ነው። ረጅም ምሰሶ ያየ ሰው «ይሄኛው ተሻለ» ይላል። ስለዚህ አያት ቦሎቄ ጨለማ ውስጥ ቢተከል ይሻላል የሚል መልእክት ይዘው ይቀራሉ። ግራፉ የሚለካው ቁመትን ብቻ ነው፤ ጤናን አይለካም። ይህን ለማሳየት ወደ ቁጥር 2 መልሷቸው። ኩባያዎቹ ሲታዩ የብርሃኖቹ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ናቸው። የጨለማዎቹ ረጅም፣ ቀጭንና ቢጫ ናቸው፤ ቅጠላቸው በደንብ አልተዘረጋም፤ አንዳንዶቹም ዘመዋል።

7. ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ ስጡ

ምክንያቱ ይህ ነው። ዘሩ ውስጥ የተቀመጠ ስንቅ አለ። ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያድገው በዚያ ስንቅ ነው፤ ለዚህ ብርሃን የግድ አያስፈልገውም። ብርሃን ካላገኘ ስንቁን የሚያውለው ግንዱን ለማስረዘም ነው። ቅጠል ለመዘርጋት አይቸኩልም። መሬት ውስጥ ለተቀበረ ዘር ይህ ይጠቅመዋል፤ ቶሎ ወደ ላይ ያወጣዋል። አረንጓዴው ቀለም ደግሞ ቦሎቄ ላይ ያለ ብርሃን አይሠራም። ያ ቀለም ከሌለ ተክሉ የራሱን ምግብ ማዘጋጀት አይችልም። ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል።

ክሎሮፊል፣ ፎቶሲንተሲስ የሚሉትን ቃላት መጻፍ ግዴታ አይደለም። «አረንጓዴው ቀለም» በቂ ነው። ልጅቷ ግን ቃሉን ስትናገር መሰማት የምትወድ ከሆነ አንድ ጊዜ ጻፉትና ወዲያው ፍቱት።

አያት የሚያውቁትን ነገር ፈልጉ። ለዚህ ሙከራ ከሁሉ የሚሻለው ጨለማ ጥግ የተረሳ ድንች ነው። የሚያወጣው ቀንበጥ ረጅምና ገርጣ ያለ ነው። ምክንያቱ ያው ነው፤ ስንቁ ከዘር ሳይሆን ከድንቹ መምጣቱ ብቻ ይለያል።

8. ሙከራው የማይናገረውን አንድ ነገር ጨምሩ

ከሚከተሉት አንዱን ብቻ ምረጡ። በምሳሌያችን የጨለማዎቹ ኩባያዎች በካርቶን ተከድነዋል። የተከደነ አፈር ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ውሃው እኩል ቢጠጣም የጨለማው አፈር እርጥበቱን ይዞ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም አምስት አምስት ዘር ትንሽ ነው። ያልበቀለው አንዱ ዘር በጨለማው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ዘሩ ራሱ የሞተ ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤው ተጽፎ ሲያልቅ ይህን ይመስላል

> ይድረስ ለምወድዎት እማማ፣
>
> እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።
>
> ሁለት ፎቶ ልኬልዎታለሁ። በአንደኛው ላይ ቆማ የምትስቀው የልጅ ልጅዎ ናት። ከኋላዋ ያለው ትልቅ ሰሌዳ የእጇ ሥራ ነው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ ይመርጥና ራሱ ሞክሮ መልሱን ይፈልጋል። ያገኘውን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ያስረዳል።
>
> የእሷ ጥያቄ «ቦሎቄ ብርሃን ባያገኝ ምን ይሆናል?» የሚል ነበር። በሁለተኛው ፎቶ ላይ ትንንሽ ቁጥሮች ለጥፌያለሁ። ቁጥር 1 ካለበት አጠገብ የጻፈችው ሳትጀምር የገመተችውን ነው። «ጨለማ ውስጥ ያሉት አይበቅሉም» ብላ ነበር።
>
> ከዚያ አሥር ኩባያ አፈር ሞላች። በእያንዳንዱ አንድ ቦሎቄ ቀበረች። አምስቱን ብርሃን ባለበት አስቀመጠች። አምስቱን እዚያው ክፍል ውስጥ በካርቶን ከደነች። ዘሩም አፈሩም አንድ ነው። ውሃ ያጠጣቻቸው በየሁለት ቀኑ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። በ10ኛው ቀን ካርቶኑን አንስታ ሁሉንም በማስመሪያ ለካች።
>
> አሁን ቁጥር 3ን ይመልከቱ። ሁለት ምሰሶዎች አሉ። አረንጓዴው ብርሃን ያገኙትን ይወክላል፤ ጥቁሩ ጨለማ ውስጥ የነበሩትን። ምሰሶው በረዘመ ቁጥር ቡቃያዎቹ ረዝመዋል ማለት ነው። በግራ ያሉት ቁጥሮች ሳንቲ ሜትር ናቸው። የሁሉንም ቁመት ደምራ እኩል ስታካፍል ብርሃን ላገኙት 10፣ ጨለማ ውስጥ ለነበሩት 21 ደረሳቸው። ከጨለማዎቹ አንዱ ዘር ስላልበቀለ ያካፈለችው ለአራት ነው። በሥዕሉ ላይ ባዶ የምትታየው ኩባያ የእሱ ናት።
>
> ስለዚህ ግምቷ አልሰመረም። ጨለማ ውስጥ ያሉት በቅለዋል፤ እንዲያውም ረዝመዋል። ግን ቁጥር 2ን ይዩት። ረጃጅሞቹ ቢጫ ናቸው፤ ቀጭን ናቸው፤ ቅጠላቸው አልተዘረጋም። አጫጭሮቹ አረንጓዴና ጠንካራ ናቸው። ጨለማ ውስጥ ያለ ቡቃያ ዘሩ ውስጥ ያለውን ስንቅ ግንዱን ለማስረዘም ይጨርሰዋል። አረንጓዴ ካልሆነ ደግሞ የራሱን ምግብ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ቢረዝምም የሚኖረው ስንቁ እስኪያልቅ ነው። ግንዱ ላይ ተጨማደው የሚታዩት ሁለት ነገሮች የዘሩ ክፋዮች ናቸው፤ ስንቁ የነበረው እነሱ ውስጥ ነው።
>
> የተከደነው አፈር ቶሎ ስለማይደርቅ እርጥበቱም ትንሽ ረድቷቸው ሊሆን እንደሚችል ራሷ ነግራኛለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለቱንም ልትከድናቸው ነው፤ አንዱን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ፣ አንዱን በካርቶን።
>
> አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች። ጨለማ ቦታ የተረሳ ድንች ሲያቆጠቁጥ ቀንበጡ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? መልስዎን ደብተሯ ላይ ልትጽፈው ትጠብቃለች።
>
> በሰላም ያቆይልን።

9. ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ብዙ አያቶች ደብዳቤውን የሚሰሙት ሌላ ሰው ሲያነብላቸው ነው። ስለዚህ ፎቶውን በእጅ ይዞ በጆሮ ብቻ የሚከታተል ሰው ይገባው እንደሆነ ፈትኑት። ፖስተሩን ያላየ ሰው ፈልጉ፤ ፎቶውን ስጡት፤ አንብቡለት። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «የትኞቹ ቦሎቄዎች ይሻላሉ?» «ረጃጅሞቹ» ካለ ደረጃ 6 ላይ ያለው ወጥመድ ይዞታል። የግራፉንና የሥዕሉን አንቀጾች አቀራርባችሁ እንደገና ጻፉ።

የተለመዱ ስህተቶች

*የግምቷን አለመስመር መደበቅ።* ወላጆች ልጃቸው የተሳሳተች እንዳይመስል ይህን ይዘሉታል። ከዚያ አያት ቁጥር 1ን በመነጽር አንብበው ቁጥር 3ን ሲያዩ ነገሩ ይጋጭባቸዋል። መላምት የሚጻፈው ሊፈተን ነው። አለመስመሩ የሥራው ውጤት ነው።

*«አረጋገጠች» ማለት።* ዘጠኝ ቡቃያ ለክታ ስለ ዕፅዋት ሁሉ አላረጋገጠችም። «አገኘች»፣ «አየች» በሉ።

*ፖስተሩን ቃል በቃል መገልበጥ።* «መላምት፦ ... አሠራር፦ ...» እያሉ የጻፉ አይቻለሁ። ይህ ደብዳቤ አይደለም፤ ሁለተኛ ፖስተር ነው።

*ስለ ሽልማቱ አብዝቶ መጻፍ።* ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ቦሎቄው ይረሳል።

*ቀኑን አለመጻፍ።* «በ10ኛው ቀን» የሚለው ከወጣ ታሪኩ ይዛባል። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ምድቦች ገና ብዙ ልዩነት ላያሳዩ ይችላሉ። ብዙ ሳምንት ቢቆይ ደግሞ የጨለማዎቹ ስንቃቸውን ጨርሰው ይወድቃሉ። 21 ሳንቲ ሜትር የሚለው ቁጥር ትርጉም ያለው ለዚያች ቀን ብቻ ነው።

ፖስታው ውስጥ ስታስገቡ ፎቶዎቹን ፊት ለፊት አታጋጥሟቸው፤ እርጥበት ካገኛቸው ይጣበቃሉ። በመሃላቸው ንጹሕ ወረቀት አድርጉና ካርቶኑን ከኋላ ደግፉ። ተለጣፊዎቹ ቁጥሮች በመንገድ ላይ ቢላቀቁ እንዳይጠፉባቸው፣ በደብዳቤው ግርጌ ትንሽ ሣጥን ሥላችሁ 1፣ 2፣ 3 የት የት እንደነበሩ አመልክቱ።